የ14 ገጽ ፕሮፎርማ፣ የግማሽ ገጽ ሸኚ

«በጠየቃችሁን መሠረት ዋጋችንን አያይዘን ልከናል። እናመሰግናለን።»

ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ለመግዛት ፕሮፎርማ ሰብስቦ የሚያውቅ ሰው ይህችን ኢሜይል በደንብ ያውቃታል። ትሕትና አላት፣ ምስጋና አላት፣ ከግርጌዋም Scan_0023.pdf የሚባል ፋይል ተንጠልጥሏል። ስንት ብር እንደሆነ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል ግን አትናገርም። መልሱ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ አለ። የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ መፈለግ የገዥው ዕዳ ነው።

ልማዱ የመጣው ከሩቅ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አንድ ሰነድ ከቢሮ ወደ ቢሮ ብቻውን አይሄድም ነበር፤ ሸኚ ደብዳቤ ይጻፍለታል። ደብዳቤው «ከዚህ ጋር 14 ገጽ አባሪ ተያይዟል» ይላል፣ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተቀባዩ ገጾቹን ቆጥሮ ይፈርማል። የሸኚው ሥራ ወረቀቱ በመንገድ ላይ እንዳይጎድል መጠበቅ ነበር። በኢሜይል የሚሄድ ፋይል ግን መካከሉ ተገንጥሎ አይወድቅም። አባሪ መኖሩንም ተቀባዩ ገና ኢሜይሉን ሳይከፍት ያየዋል። የዛሬው ሸኚ አሮጌውን ቃል ይደግማል እንጂ ለአሮጌው ሥራ የሚፈልገው የለም። አዲስ ሥራ ግን አለው፤ ለአንባቢው የትኛውን ገጽ መጀመሪያ መክፈት እንዳለበት መንገር።

አንባቢው ማን ነው? ኢሜይሉ የተላከለት የግዥ ሠራተኛ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። እሷ ግን ብዙውን ጊዜ የምትወስነው ብቻዋን አይደለም። ኢሜይሉን ለመሐንዲሱ ታስተላልፈዋለች፣ መሐንዲሱ አስተያየቱን ጽፎ ይመልሳል፣ ከዚያ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ሥራ አስኪያጁ በስልኩ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲሄድ ያየዋል። አራቱም የሚፈልጉት ገጽ የተለያየ ነው። ሦስቱን ደግሞ ሻጩ በስምም አያውቃቸውም። ሸኚው ኢሜይል የሚጻፈው እንግዲህ ለማይታወቁት ሰዎች ጭምር ነው፤ «ፎርዋርድ» ተደርጎ ሦስተኛ እጅ ላይ ሲደርስም ራሱን ችሎ መቆም አለበት።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ሊገዛ አስቦ ለሦስት አቅራቢዎች ጥያቄ ላከ እንበል። የጠየቀው 200 ኬቪኤ ነው። አንደኛው አቅራቢ ባለ 200 ኬቪኤ ጄኔሬተር ታክስን ጨምሮ በ6,095,000 ብር አቀረበ። ሁለተኛው ያቀረበው ባለ 250 ኬቪኤ ሲሆን ዋጋው 6,400,000 ብር፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 7,360,000 ብር ነው። ሦስተኛውን እንተወው፤ ዘግይቶ ነው የደረሰው።

የግዥ ሠራተኛዋ የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ትሠራለች። አንድ ረድፍ ለአንድ አቅራቢ፣ አንድ ዓምድ ለዋጋ። ሁለተኛው አቅራቢ 1,265,000 ብር ይወደዳል። በዚያ ላይ ያልተጠየቀ ነገር ያቀረበ ይመስላል፤ 200 ሲሉት 250 አመጣ። «በጠየቃችሁን መሠረት» የምትለዋን ኢሜይል ልኮ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ መሠረቱን ራሱ የጣሰ ነውና።

ሻጩ ግን ምክንያት አለው። የናፍጣ ሞተር የሚሠራው አየር ስቦ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ በአንድ ስበት ወደ ሞተሩ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ያንሳል፣ ሞተሩም ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ስንት እንደሚያጣ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ አየር በግፊት የሚያስገባ ተርቦ ያለው ከሌለው ይሻላል። አምራቾች ይህን በከፍታና በሙቀት ከፋፍለው የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣሉ። በእኛ ምሳሌ የሁለተኛው አቅራቢ ሠንጠረዥ በ2,400 ሜትር 14 በመቶ ይቀንሳል እንበል። ባለ 250ው አዲስ አበባ ላይ 215 ይሰጣል ማለት ነው። ተመሳሳይ ሞተር ያለው ባለ 200 ቢሆን የሚሰጠው 172 ብቻ ነው። ሆስፒታሉ የጠየቀው 200 በእርግጥ የሚያስፈልገው ከሆነ ርካሹ ዕቃ ከፍላጎቱ በታች ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ፣ የኦክስጅን ማምረቻውና ሊፍቱ አንድ ላይ ሲነሱ ይህ ይታወቃል፤ ያኔ ግን ገንዘቡ ተከፍሏል።

ይህ ሁሉ ክርክር ሻጩ በላከው 14 ገጽ ውስጥ ገጽ 6 ላይ ተቀምጧል። ርዕስ የሌለው የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። የግዥ ሠራተኛዋ መሐንዲስ አይደለችም፤ ገጹን ብታየው እንኳ አልፋው ትሄዳለች። የሸኚው ኢሜይል ዋጋ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ተጽፎ ቢሆንስ?

> ጉዳዩ፦ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር ዋጋ፣ በቁጥር ግ/87/18 ለጠየቃችሁት፣ እስከ ጥቅምት 30 የሚጸና
>
> ጤና ይስጥልኝ፤
>
> ጥቅምት 8 ቀን ለጠየቃችሁት ጄኔሬተር የ14 ገጽ የዋጋ ማቅረቢያ ተያይዟል። አንድ ባለ 250 ኬቪኤ ጄኔሬተር ከአውቶማቲክ ቼንጅ ኦቨሩ ጋር፣ ግቢያችሁ ደርሶና ተሞክሮ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 7,360,000 ብር ነው (ገጽ 3)። ዋጋው እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ይጸናል።
>
> የጠየቃችሁት 200 ኬቪኤ መሆኑን አይተናል። 250 ያቀረብነው በአዲስ አበባ ከፍታ 200ውን ሊሰጣችሁ የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው። የአምራቹ ሠንጠረዥ ገጽ 6 ላይ አለ፤ የተከበበውን መስመር መሐንዲሳችሁ ቢያየው ጥሩ ነው።
>
> ለሒሳብ ክፍላችሁ፦ የአከፋፈሉ ሁኔታ ገጽ 9 ላይ ነው። 40 በመቶ ቅድሚያ፣ ቀሪው ከሙከራ በኋላ።
>
> በዋጋው ውስጥ ሁለት ነገሮች አልገቡም፦ ጄኔሬተሩ የሚቀመጥበት የኮንክሪት መሠረት፣ እና ከጄኔሬተሩ እስከ ዋናው ማከፋፈያ ሰሌዳ የሚዘረጋው ገመድ (ገጽ 11)። የገመዱን ርዝመት በሜትር ብትነግሩን ዋጋውን በሁለት ቀን ውስጥ እንልካለን።
>
> የጠቀስናቸው ቁጥሮች በየገጹ ግርጌ የታተሙት ናቸው።
>
> ከሰላምታ ጋር

ከመቶ ቃላት ትንሽ ቢበልጥ ነው። በስልክ ማያ ላይ አንድ ሁለቴ ጣት ቢያስኬድ ያልቃል። ከ14ቱ ገጾች የጠቀሰው አራቱን ብቻ ነው፤ የድርጅቱን ታሪክ፣ የንግድ ፈቃዱን ቅጂ፣ ከዚህ በፊት ዕቃ የገዙትን ደንበኞች ዝርዝር አልነካም። እነዚያ ገጾች አያስፈልጉም ማለት አይደለም። የንግድ ፈቃዱና የግብር ከፋይነት ቁጥሩ ከሌሉ ፕሮፎርማው ጭራሽ አይመዘንም። ነገር ግን ማንም በእነሱ አይወስንም፤ መኖራቸውን ለማረጋገጥ ብቻ ነው የሚገለጡት። ሁሉንም ገጽ የሚዘረዝር ኢሜይል ማውጫ ነው፣ ማውጫ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ አለ።

ብዙ ሻጮች ይህን ኢሜይል ሲያዩ የሚደነግጡት ያልተካተቱትን በሚናገረው አንቀጽ ነው። ኮንክሪቱና ገመዱ አልገቡም ብሎ በራስ አፍ መናገር ዋጋውን የሚያስወድድ ይመስላል፤ ተወዳዳሪው ዝም ብሏልና። ስሌቱ ግን የሚመስለውን ያህል ትክክል አይደለም። የዚህን ያህል ጉልበት የሚሸከም የመዳብ ገመድ በሜትር ሲገዛ ውድ ነው፤ ጄኔሬተሩ ከሕንፃው ጀርባ ከተቀመጠ ሒሳቡ ቀላል አይሆንም። ሆስፒታሉ ይህን የሚያውቀው ወይ ዛሬ በኢሜይሉ፣ ወይ ዕቃው ግቢ ውስጥ ከወረደ በኋላ ነው። ሁለተኛው ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ተጨማሪ በጀት ለመጠየቅ ቦርድ ፊት ይቆማል፣ «ማን ነው ይህን ያላየው?» የሚለው ጥያቄ የግዥ ሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል። ገጽ 11ን ቀድሞ የጠቆማት ሻጭ ከዚያ ጥያቄ አድኗታል። ከዚህም በላይ ለማወዳደሪያ ሠንጠረዡ አዲስ ዓምድ ሰጥቷታል፤ አሁን ለአንደኛው አቅራቢ ደውላ «የእናንተስ ገመዱን ይጨምራል?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። በዝምታ ርካሽ የሆነ ዋጋ የሚጋለጠው በዚህ ጥያቄ ነው።

ስለ ታክሱም እንዲሁ። «ዋጋው 6,400,000 ብር ነው» ብሎ ማቆም ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ታክስን ጨምሮ ካቀረበ ሰው አጠገብ ሲቀመጥ 960,000 ብር የሚያህል ጉድለት ይፈጥራል። ልምድ ያላት የግዥ ሠራተኛ ታክስ መካተት አለመካተቱን ሳታረጋግጥ ቁጥር ወደ ሠንጠረዧ አታስገባም። ኢሜይሉ ካልነገራት ፋይሉን ትከፍታለች፣ ፋይሉ ግልጽ ካላደረገው ትደውላለች፣ ስልኩ ካልተነሳ ረድፉ ባዶ ሆኖ ይቆያል።

የሚጸናበትን ቀን በርዕሱ ላይ ማውጣት ለአንዳንዱ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016ን የሚያስታውስ አስመጪ ግን እንዲህ አይልም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ የለቀቀው በዚያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ሆነ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ መቶን ተሻገረ። በሐምሌ መጀመሪያ በአሮጌው ተመን አስልቶ «ዋጋው ለ60 ቀን ይጸናል» የሚል ፕሮፎርማ የላከ ሰው ምን ዓይነት ገመድ አንገቱ ላይ እንዳሰረ መገመት አይከብድም። ፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1690 ላይ ውል ለመዋዋል ሐሳብ አቅርቦ የመቀበያ ጊዜ የወሰነ ሰው፣ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ በሐሳቡ እንደሚገደድ ይደነግጋል። ለዚህ ነው ዛሬ የውጭ ዕቃ የሚሸጡ ብዙዎች የቀኑን ቁጥር የሚያሳጥሩት። ለገዥውም ቀኑ የሥራ ሰሌዳ ነው፤ ጥቅምት 30 ሳያልፍ ኮሚቴው መሰብሰብ እንዳለበት ይነግረዋል። «ለ15 ቀን» ከማለት ቀኑን ራሱን መጻፍ የተሻለ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። 15 ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ነው፣ ከተላከበት ወይስ ከደረሰበት? ሰው ኢሜይሉን በሦስተኛው ቀን ሲከፍተው ይህ ክርክር ይነሳል። ቀኑ ከተጻፈ አይነሳም። ገዥው የውጭ ድርጅት ወይም ኤምባሲ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያው ቀን ከጎኑ የፈረንጁ ይታከልበት፤ የ2018ን ጥቅምት በሌላ ዘመን ያነበበ ሰው ያጋጥማል።

አሁን ወደ ገጽ ቁጥር እንመለስ፤ ቀላል የሚመስለው ይህ ነገር ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው።

አንድ ፋይል ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። አንደኛው በወረቀቱ ግርጌ የታተመው ነው። ሁለተኛው ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ ራሱ የሚቆጥረው፣ በማያው ጠርዝ ላይ «6 / 14» እያለ የሚታየው ነው። ሽፋኑና ማውጫው ቁጥር ካልተሰጣቸው ሁለቱ አይገጥሙም፤ ግርጌው 6 የሚለው ወረቀት ማያው ላይ 8 ይሆናል። መሐንዲሱ «ገጽ 6» ተብሎ ተነግሮት ማያው ላይ 6 ቢጽፍ የድርጅቱን ሥራ አስኪያጅ ፎቶ ያገኛል። ሁለት ገጽ ወደፊት ይሂድ ማለት ቀላል ነው፤ ሥራ የበዛበት ሰው ግን ሁለቴ አይፈልግም። ከሁሉ የሚሻለው ሽፋኑንም ገጽ 1 ብሎ ቆጥሮ ሁለቱን ቁጥሮች ማስማማት ነው። ያ ካልሆነ በየትኛው ቁጥር እንደተጠቀሙ በአንድ መስመር መናገር ይበቃል፤ ከላይ ያለው ኢሜይል መጨረሻው ላይ ያደረገው ይህንን ነው።

ፋይሉ በአባሪነት ሳይሆን በሊንክ የሚላክ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ከፒዲኤፉ አድራሻ መጨረሻ ላይ የገጹ ቁጥር ሲታከል ብዙዎቹ የኮምፒውተር ብራውዘሮች ፋይሉን በዚያው ገጽ ላይ ይከፍቱታል፦

```
quotation.pdf#page=6
```

የሚቆጠረው የማያው ቁጥር እንጂ የግርጌው አይደለም። በስልክ ላይና በደመና ማስቀመጫዎች የራሳቸው ማሳያ ውስጥ ግን ሁልጊዜ አይሠራም፤ ስለዚህ ቁጥሩን በቃልም መጻፍ አይቀርም።

ከዚያ ማህተሙ አለ። እኛ አገር ማህተምና ፊርማ የሌለበት ፕሮፎርማ እንደ ፕሮፎርማ አይቆጠርም። ስለዚህ ሰነዱ በኮምፒውተር ተሠርቶ ያልቃል፣ ይታተማል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ተመልሶ ስካን ይደረጋል። በዚህ ዑደት ውስጥ ጽሑፉ ወደ ፎቶ ይለወጣል። በፎቶ ላይ «ገመድ» ብሎ ቃል መፈለግ አይቻልም፤ በማውጫው ላይ ተጭኖ ወደ ገጹ መዝለልም አይቻልም። ፋይሉም ይከብዳል። ጂሜይል በአንድ መልእክት የሚያስልከው 25 ሜጋባይት ሲሆን፣ አባሪ በኢሜይል ሲጓዝ በአንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚያብጥ 20 ሜጋባይት የሆነ ስካን በአንዳንድ የመሥሪያ ቤት ሰርቨሮች ሳያልፍ ሊመለስ ይችላል። የሚያሳዝነው ደግሞ ስካን ያደረገው ተላላኪ ገጾቹን ሲያስገባ አንዱ ተገልብጦ ወይም ተዘልሎ የሚወጣበት ጊዜ መኖሩ ነው። የጠቀስከው ገጽ 6 ፋይሉ ውስጥ ላይኖር ይችላል።

መፍትሔው ሁሉንም ስካን አለማድረግ ነው። ማህተሙ የሚያስፈልጋቸውን ገጾች፣ ብዙ ጊዜ የዋጋ ዝርዝሩንና የመጨረሻውን የፊርማ ገጽ፣ ብቻ ስካን አድርጎ የቀሩትን ከኮምፒውተሩ እንደወጡ ከእነሱ ጋር ማጣመር። በየገጹ ማህተም የሚጠይቅ ገዥ ሲያጋጥም ደግሞ ማህተም ያለበትንና ያለማህተም ንጹሑን ሁለቱንም መላክ፣ የትኛው ለመዝገብ የትኛው ለንባብ እንደሆነ በሸኚው ላይ መናገር። የፋይሉ ስምም ራሱን ይንገር። Scan_0023.pdf የግዥ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ውስጥ ከሌሎች ሃያ ስካኖች ጋር ይጠፋል፤ Generator_250kVA_G-87-18.pdf ግን ከሦስት ወር በኋላም ይገኛል። ፕሮፎርማ በቴሌግራም የሚልኩ ብዙዎች ይህን ቢያስተውሉ ይጠቅማቸዋል፤ እዚያ ሸኚው ከፋይሉ ተነጥሎ በሌላ ወሬ ይቀበራል፣ ለፋይሉ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ሁለት ሰነድ መጻፍ ሁለት ጊዜ መሳሳትን ያስከትላል። ሻጩ ሸኚውን ካለፈው ወር ኢሜይል ገልብጦ፣ ዋጋውን አስተካክሎ፣ ቅድሚያ ክፍያውን ሳያስተካክል ይልካል። ኢሜይሉ 30 በመቶ ይላል፣ ገጽ 9 ደግሞ 40። የትኛው ይጸናል? ኢሜይል «ተራ መልእክት ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክቶች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ስለዚህ አንዳንድ ድርጅቶች «ልዩነት ቢገኝ የተፈረመው ሰነድ ይጸናል» የሚል መስመር ከሸኚው ሥር ያኖራሉ። መስመሩ ይጠቅማል። ሆኖም ገዥው ልዩነቱን አይቶ ከሆነ ሕጉ ሳይደርስ እምነቱ ተጎድቷል፤ በኢሜይሉ አራት መስመር ውስጥ ቁጥር የተሳሳተ ሰው በ14 ገጽ ውስጥ ስንት ስህተት አለው ብሎ ይጠረጥራል። ልማድ ያላቸው ጸሐፊዎች በሸኚው የሚደግሙት ቁጥር ጥቂት የሆነው ለዚህ ነው፤ ዋጋ፣ ቀን፣ የቅድሚያው መጠን። የቀረውን ወደ ገጹ ይጠቁማሉ እንጂ አይገለብጡም። የገጽ ቁጥሮቹንም የሚጽፉት በመጨረሻ፣ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። ገጽ 4 ላይ አንድ ፎቶ ሲጨመር ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ይገፋልና።

ይህ ዓይነቱ ኢሜይል ጭራሽ የማይጻፍበት ቦታም አለ። በጨረታ፣ በተለይም የቴክኒክና የፋይናንስ ሰነድ በተለያየ ፖስታ ታሽጎ በሚገባበት ጨረታ፣ ዋጋው ከፋይናንሱ ፖስታ ውጪ በማንኛውም ወረቀት ላይ ከታየ ተጫራቹን ያስወጣል። እዚያ ሸኚው ስለ ቴክኒኩ ገጾች ብቻ ይናገራል፣ ስለ ብር ትንፍሽ አይልም፤ የሰነዶቹም ቅደም ተከተል ጨረታው ባዘዘው መሠረት እንጂ በሻጩ ምርጫ አይሆንም። ከላይ ያለው ምሳሌ የሚሠራው በቀጥታ የዋጋ ጥያቄ ለሚቀርብበት ግዥ ነው።

ወደ ሆስፒታሉ እንመለስ። የግዥ ሠራተኛዋ ኢሜይሉን ለመሐንዲሱ አስተላለፈችው። መሐንዲሱ ቀጥታ ገጽ 6ን ከፍቶ የተከበበውን መስመር አየ፣ ከዚያ የአንደኛውን አቅራቢ ፋይል ከፍቶ ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ፈለገ፤ አጣ። «በከፍታችን ስንት እንደሚሰጥ በጽሑፍ ይግለጹልን» የሚል ጥያቄ ለአንደኛው ተላከ። ለሁለተኛው የተላከው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ ገመዱ የሚዘረጋው 38 ሜትር ነው።

በዚህ ጊዜ ሻጩ አዲስ ፕሮፎርማ ይሠራል፤ እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ሸኚ ከመጀመሪያው የሚለየው። መሐንዲሱም ሒሳብ ክፍሉም 14ቱን ገጽ እንደገና ማንበብ አይፈልጉም። ማወቅ የሚፈልጉት ምን እንደተለወጠ ብቻ ነው፦

> የ38 ሜትሩ ገመድ ዋጋ ታክሏል። የተለወጡት ገጽ 3 (ጠቅላላ ዋጋ) እና ገጽ 11 (ያልተካተቱ፤ አሁን የቀረው የኮንክሪት መሠረቱ ብቻ ነው) ናቸው። ሌሎቹ ጥቅምት 15 ቀን እንደላክነው ናቸው፣ ዋጋው የሚጸናበት ቀንም አልተለወጠም። ይህ ፋይል የቀደመውን ይተካል።

የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ R2 ታክሎበታል። የተላከውም ለአዲስ ኢሜይል ሳይሆን በቀድሞው ላይ መልስ ሆኖ ነው፤ የጥያቄው ቁጥር ያለበት ርዕስ እንዳለ እንዲቀጥል።